«የ2017 ምርት» ያልነው ቡና፦ ለቡና ገበሬዎች ማኅበር ድረ ገጽ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ታኅሣሥ 14፣ 2017

ሥራው የመጣው እንደተለመደው በሰው በሰው ነው። ይርጋጨፌ አካባቢ ያለ የቡና ገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበር ድረ ገጽ ይፈልጋል። የውጭ ገዢዎች ቡናውን የሚያዩበት፣ ከወደዱትም የሚጠይቁበት። ማኅበሩ ራሱ ኤክስፖርት አያደርግም። ቡናውን ወደ ውጭ የሚልክለት አባል የሆነበት ዩኒየን ነው። ስለዚህ ከገጹ የሚመጣ ጥያቄ ለማኅበሩም ለዩኒየኑም መድረስ አለበት።

ዛሬ በስልክ የተሰጠኝ ትእዛዝ ይህ ነው፦ የማኅበሩ ታሪክ፣ የቦርድ አባላት ፎቶ ከነማዕረጋቸው፣ ራዕይና ተልዕኮ፣ የተሸለሙት ዋንጫ። ቡናውስ ብዬ ጠየቅኩ። «እሱማ ይታወቃል፤ ይርጋጨፌ ነው» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

ማታ ላይ ዩኒየኑ ውስጥ የኤክስፖርት ሽያጭ ለምትሠራ ልጅ ደወልኩላት። የሰማሁትን ዝርዝር ሳነብላት ሳቀች። «የሊቀመንበር ፎቶ አይቶ ቡና የገዛ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም» አለች። ገዢው ገጹን ከፍቶ የሚያጣራው አንድ ነገር ነው፤ አሁን፣ ዘንድሮ፣ እዚህ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ምን ዓይነት ቡና፣ ምን ያህል አለ? ይህን ካላገኘ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል።

ከዚያ ስልክ በኋላ ፕላኔን ቀየርኩ። መነሻ ገጹ ታሪክ ሳይሆን የቡና ሎቶች፣ ማለትም ለየብቻ ተለይተው የሚያዙ የቡና ክምችቶች፣ ዝርዝር ይሆናል። ታሪኩ አንድ ገጽ ይሰጠዋል፤ ዋንጫውም እዚያው።

ታኅሣሥ 22

ማጠቢያ ጣቢያው ድረስ ወረድኩ። ለቀማው እያለቀ ነው። ማስጫ አልጋዎቹ ላይ ቡናው ገና ገለፈቱን እንደለበሰ ነጭ ሆኖ ተሰጥቷል። ሴቶቹ በሁለቱም ወገን ቆመው እየገለበጡ የተሰነጠቀውንና የጠቆረውን ይለቅማሉ። አልጋዎቹ ራስ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ የሎቱ ቁጥር፣ ቡናው ከሚብላላበት ገንዳ የወጣበት ቀን፣ የተሰጣበት ቀን። እጅ ጽሑፉ የመጋዘን ኃላፊው ነው። እኔ ለድረ ገጽ የምፈልገው መረጃ ሁሉ እዚያች ሰሌዳ ላይ በቾክ ተጽፎ ቆሟል። ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰው ብቻ ነበር የጎደለው።

ስለዚህ ለመጋዘን ኃላፊው ጎግል ሺት ከፈትኩላቸው። ለአንድ ሎት አንድ ረድፍ። እሳቸው በስልካቸው ይሞሉታል፤ ድረ ገጹ በየምሽቱ ከዚያ አንብቦ ራሱን ያድሳል። ሌላ ፓስወርድ የለም፣ ሌላ መግቢያ የለም። በፊት የሠራኋቸው እንዲህ ያሉ ገጾች የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው። ማደሻው ይከብዳል፣ ፓስወርዱን የያዘው ልጅ ሥራ ይቀይራል፣ ገጹ ላይ ከሦስት ዓመት በፊት የተሸጠ ቡና «አለን» እያለ ይቀራል።

ፎቶም አነሳሁ። አንዱ ፎቶ ስድስት ሜጋባይት ነው። ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ቀይሬ፣ ስፋቱን 1,600 ፒክስል አድርጌ ሁለት መቶ ኪሎባይት አካባቢ አወረድኩት። ውጭ ያለው ገዢ ስድስቱንም ሜጋባይት ይከፍተው ነበር። እኔ ያሰብኩት ለመጋዘን ኃላፊው ዳታ ነው።

ጥር 2

ስለ ዋጋ ክርክር ነበር። ሊቀመንበሩ ዋጋ ይለጠፍ ይላሉ። «ሱቅ ገብተህ ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ ትገዛለህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

የዩኒየኗ ልጅ ግን መልስ ነበራት። ቡና የሚሸጠው የኒውዮርክን ገበያ ተከትሎ ነው። ዋጋው በአንድ ፓውንድ ክብደት ይቆጠራል፤ ከዚያ ላይ ለጥራቱና ለስሙ ጭማሪ ይደረግበታል። ውሉም ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ዘንድ ይመዘገባል። የኒውዮርኩ ዋጋ አሁን ከሦስት ዶላር ትንሽ አለፍ ብሏል፤ ነገ ግን የት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ገጽ ላይ የተለጠፈ ዋጋ ደግሞ አንዱ ስክሪንሾት አድርጎ ይይዘውና «ብላችሁ ነበር» ይላል። ዋጋ አይለጠፍም፤ በዋጋው ቦታ «ለዋጋ ይጻፉልን» የሚል ቁልፍ ይሁን ብለን ተለያየን። ሊቀመንበሩ እሺ ያሉት ደስ ሳይላቸው ነው።

ጥር 16

ገጹ ተከፈተ። አራት ሎት አለበት። ለእያንዳንዱ የአዘገጃጀቱ ዓይነት፣ የጣቢያው ከፍታ፣ የምርት ዘመን፣ የከረጢት ብዛት። ሊንኩን ዩኒየኑ ለነባር ደንበኞቹ በኢሜይል ላከው። ሊቀመንበሩ ደውለው «ዋንጫው የታል?» አሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ።

ጥር 27

ጉድ ፈላ። ከሀምቡርግ፣ ዩኒየኑ የሚያውቀው ቡና የሚቆላ አንድ ትንሽ ድርጅት ጻፈ። አጻጻፉ በጣም ጨዋ ነው። ሎቱ አስደስቶናል፣ ግን አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልንም፤ ቡናው መጋዘን ውስጥ የቆየው ሰባት ዓመት ነው? ይላል።

ገጹን ከፈትኩ። የሎት ሁለት ካርድ ላይ እንዲህ ይላል፦

```
Crop: 2017
Received: Dec 2017
```

ላብ አጠመቀኝ። ሺቱን ከፈትኩ። የመጋዘን ኃላፊው የጻፉት `12/5/2017` ነው፤ ጥር 12፣ 2017። በጥምቀት ማግስት። ሺቱ የተከፈተው በአሜሪካ አቀማመጥ ነበር፤ እኔው ነኝ የከፈትኩት፤ ወሩን ያስቀድማል። ስለዚህ አሥራ ሁለትን ወር፣ አምስትን ቀን አድርጎ ዲሴምበር 5፣ 2017 ብሎ አነበበው። የኔ ኮድ ደግሞ ሳይጠይቅ ተቀብሎ አወጣው።

ሎት ሦስት ላይ የገባው `14/5/2017` ነው። አሥራ አራተኛ ወር ስለሌለ ሺቱ ቀን መሆኑን አላወቀም፤ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ተወው። እዚያ ካርድ ላይ `Invalid Date` ተጽፎ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰው ሲያየው ከርሟል። ከሁለቱ ስህተቶች የተሻለው ይሄኛው ነው። ቢያንስ መበላሸቱን ይናገራል። ዲሴምበር 2017 ግን ደህና መስሎ ይዋሻል።

አንድ ምልክት ነበር፤ አላየሁትም እንጂ። ሺት ውስጥ እንደ ቀን የተወሰደ ነገር ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ እንደ ጽሑፍ የተወሰደ ወደ ግራ። ዓምዱ ላይ ከአሥራ ሦስተኛው ቀን በፊት ያሉት ሁሉ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ወደ ግራ ተሰልፈዋል። ዓምዱ ለሁለት ተከፍሎ ካያችሁት ቀኑ ተምታቷል ማለት ነው።

ለመጋዘን ኃላፊው ልደውልና «በፈረንጅ ቀን ይጻፉ» ልላቸው ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ ተውኩት። ሰሌዳው በእኛ ቀን ነው፣ ደረሰኙ በእኛ ቀን ነው፣ ገበሬው ቡናውን ያመጣበት ቀን በእኛ ቀን ነው። እሳቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ እየቀየሩ ከጻፉ አንድ ቀን ይሳሳታሉ፤ ያኔ ደግሞ ስህተቱን የሚያገኘው የለም። የሚቀይረው ኮዱ ይሁን።

ጥር 28

ስጠግነው ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። የውጭ ገዢዎች የምርት ዘመኑን በአንድ ዓመት አይጽፉትም። ለቀማው እዚህ አካባቢ ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሚሄድ በእነሱ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ላይ ያርፋል፤ ለዚህ ነው 2024/25 የሚሉት። በእኛ ግን መስከረም ላይ ዓመቱ ስለሚጀምር ለቀማው በሙሉ 2017 ውስጥ ይገባል። የእኛ አቆጣጠር ለቡና የተሠራ ይመስላል። ስለዚህ ልወጣው አንድ መስመር ናት፦

```js
function cropYear(ec) {
  const g = ec + 7;
  return g + "/" + String(g + 1).slice(-2);
}
cropYear(2017); // "2024/25"
```

የተረከቡበትን ቀን ከሕዝቡ ገጽ ጨርሼ አወጣሁት። ለገዢው አይጠቅመውም። እሱ የሚፈልገው የምርት ዘመኑንና የሚጫንበትን ወር ነው። የቀን ዓምዱን ደግሞ ተራ ጽሑፍ አድርጌ ቆለፍኩት፤ ሺቱ ከእንግዲህ በገዛ ፈቃዱ አይተረጉምም።

ለሀምቡርጉ ሰው የጻፍንለት አጭር መልስ ነው። ቡናው የዘንድሮ ነው፤ እኛ ገና 2017 ላይ ነን። ወዲያው መለሰ። «እናንተ ዘንድ ሰባት ዓመት ወጣት እንደምሆን ባውቅ ቀደም ብዬ እመጣ ነበር» ይላል። ናሙና ይላክልኝ አለ።

የካቲት 3

የኒውዮርክ ዋጋ አራት ዶላር አለፈ። ከወር በፊት ሦስት ላይ ነበር። ሊቀመንበሩ በሬዲዮ ሰምተው ደወሉ። «እንኳን አልለጠፍነው» አሉ፤ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ዘጉት።

የካቲት 6

ሰሞኑን ስለ ናሙናው እየተነጋገርን ሳለ ቀማሿ ገጹን አየችው። ዩኒየኑ ውስጥ ቡና ቀምሳ ደረጃ የምታወጣ ልጅ ናት። «ወንድሜ፣ ይሄ 120 ከረጢት ከየት መጣ?» አለችኝ።

ከሺቱ ነዋ። የመጋዘን ኃላፊው ለሎት ሁለት 424 ፈረሱላ ብለው ሞልተዋል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ 7,208 ኪሎ ይሆናል። የኤክስፖርት ከረጢት 60 ኪሎ ስለሆነ ሳካፍለው 120 ከረጢት ወጣ፤ ስምንት ኪሎም ተረፈ። ሒሳቡ ልክ ነው።

«ከነገለፈቱ ነው እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ያለው የታጠበ ቡና ገለፈቱን አላወለቀም። ሰው እንቁላልን ከነቅርፊቱ እንደሚያስቀምጠው ነው፤ ገለፈቱ ይጠብቀዋል። የሚፈለፈለው አዲስ አበባ ማበጠሪያ ከገባ በኋላ ነው። ሲፈለፈል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይሄዳል። ገዢው የሚገዛው የቀረውን፣ ጥሬውን ፍሬ ነው።

```js
const green = feresula * 17 * 0.8;
const bags = Math.floor(green / 60);
// 424 -> 96
```

ከ120 ወደ 96። ሀያ አራት ከረጢት የሌለ ቡና ገጹ ላይ አስቀምጬ ነበር።

ቀማሿ ማጣሪያ ዘዴም አሳየችኝ። የእሸት ቡና መረከቢያ መዝገቡን ጠይቅ አለች። ለሎት ሁለት የተረከቡት ቀይ ፍሬ 36,000 ኪሎ አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ ፍሬ ይፈጃል። 36,000 ለስድስት ሲካፈል 6,000 ኪሎ፣ ማለትም መቶ ከረጢት። እንግዲህ ከመቶ ከረጢት በላይ የሚል ቁጥር ሲመጣ ገለፈቱ አብሮ ተመዝኗል፤ ወይም የሌላ ሎት ቡና ተቀላቅሏል። ይህን ፍተሻ ኮዱ ውስጥ አስገባሁት። ሺቱ ላይ የቀይ ፍሬውን ኪሎ የሚይዝ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ የከረጢቱ ብዛት ከቀይ ፍሬው ሊወጣ ከሚችለው ካለፈ ሎቱ ገጹ ላይ አይወጣም፣ ለእኔ መልእክት ይመጣል።

96ቱም ቢሆን ሁሉ አይሸጥም። አንደኛ ደረጃ ለማውጣት ሲበጠርና ሲለቀም የሚወገድ አለ። ቀማሿ ናሙናውን አይታ ስምንት ከረጢት ቀንስ አለች። ገጹ ላይ 88 ብዬ ጻፍኩ። ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ ከመቀነስ መጀመሪያ አሳንሶ መጻፍ ይሻላል።

88 ከረጢት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። ሀያ ጫማው ኮንቴይነር 320 ከረጢት ያህል ይይዛል፤ አሥራ ዘጠኝ ቶን ከሁለት መቶ ኪሎ። ሎት ሁለት ብቻውን ሩቡን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለትልቅ አስመጪ ይህ ችግር አይደለም፤ ሌላ ቡና ጨምሮ ይሞላዋል። ቡና የሚቆላ ትንሽ ድርጅት ግን «ቀሪው ባዶ ሆኖ ነው የምከፍለው?» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ካርዱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርን፦ ዩኒየኑ ከሌሎች አባል ማኅበራት ቡና ጋር አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ጭኖ በጅቡቲ በኩል ይልካል። እስካሁን ከተቀየሩት ሁሉ ብዙ ጥያቄ ያስቀረችልን ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

የካቲት 19

ናሙናው ከደረሰው ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። የሀምቡርጉ ሰው ጠፋ። አልወደደውም ማለት ነው ብለን ነበር።

ዛሬ በራሱ መንገድ ለዩኒየኑ ደወለ። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት በገጹ ቅጽ በኩል ጽፌላችሁ ነበር፣ ዝም አላችሁኝ፣ ቡናው ተሸጠ ወይ? አለ። አይፈለጌ መልእክት የሚጠራቀምበትን ማህደር ከፈትኩ። እዚያ ተቀምጧል። ጎን ለጎን «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚል አለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቅጹ ሲላክ `From` የሚለው ቦታ ላይ የገዢውን የራሱን ኢሜይል ነበር የማስገባው፤ መልስ መስጠት እንዲቀል ብዬ። ነገር ግን መልእክቱን የሚልከው የእኛ ሰርቨር ነው። ተቀባዩ ሲያየው ጀርመን ያለ ድርጅት ነኝ የሚል፣ ግን ያ ድርጅት ከማያውቀው ሰርቨር የመጣ ደብዳቤ ነው። የሌላ ሰው ማኅተም የያዘ ደብዳቤ ማለት ነው። ድርጅቱ ጠንቃቃ በሆነ ቁጥር፣ በስሙ ከየት ሊላክ እንደሚችል በደንብ ባስመዘገበ ቁጥር፣ መልእክቱ የመጣል ዕድሉ ይጨምራል። በጂሜይል የጻፉልን ተማሪዎች መልእክት ሁሉ የደረሰን፣ የቀረው የዋናው ገዢ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ስፈትሸው ግን የተማሪዎቹም ግማሹ እዚያው ማህደር ውስጥ ነው።

አሁን `From` የማኅበሩ የራሱ አድራሻ ነው፤ የገዢው አድራሻ `Reply-To` ላይ ይገባል። ለዶሜኑም ማን በስሙ መላክ እንደሚችል የሚናገረውን `SPF` መዝገብ ጨመርኩ። ከዚያ በላይ ግን በኢሜይል ብቻ መተማመኑን ተውኩት። እያንዳንዱ ጥያቄ መጀመሪያ ሺቱ ውስጥ በሌላ ገጽ ይመዘገባል፤ ኢሜይሉ ከዚያ በኋላ ነው። ኢሜይሉ ቢጠፋ ረድፉ አይጠፋም። የዩኒየኗ ልጅ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ታየዋለች። ሦስት ሰዓት ስል የእኛን ሦስት ሰዓት ነው፤ ከሀምቡርጉ ሰው ጋር ለቪዲዮ ስንቃጠር በዚህም ተሳስተን አንድ ጊዜ ተጠባብቀናል፤ እሱን አላወራውም።

ደግነቱ ቡናው አልተሸጠም ነበር። ናሙናውንም ወዶታል።

መጋቢት 3

ገዢው አንድ ነገር ቀረኝ አለ፤ የማሳዎቹ መገኛ። የአውሮፓ ኅብረት ከደን ጭፍጨፋ ነጻ የሆኑ ምርቶችን በሚመለከት ያወጣው ሕግ አለ። ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና እዚያ ገበያ አይገባም፤ አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ በነጥብ ማሳየት አለበት። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። እኛ ጋ ያለው ገበሬ ሁሉ ከዚያ በታች ነው። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ወደ 2025 መጨረሻ ተገፍቷል፤ ሰውየው ግን አሁኑኑ መለማመድ ይፈልጋል። (በኋላ የጨመርኩት፦ እንደገና በአንድ ዓመት ተገፋ።)

ማኅበሩ ነጥቦቹን ከአምና ጀምሮ በስልክ ሰብስቧል። ተቀብዬ ካርታ ላይ ስዘረግፋቸው ይርጋጨፌ ባዶ ነው። አንድም ማሳ የለም። ካርታውን ወደ ኋላ ሳብኩት። ሁሉም ገበሬዎች ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ከአልጄሪያ በስተሰሜን ውኃው መሀል ተሰብስበዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ሲጽፍ ኬክሮስን ያስቀድማል፤ ስድስት ነጥብ ምናምን፣ ከዚያ ሠላሳ ስምንት። ፋይሉ የሚፈልገው ግን ኬንትሮስ ቀድሞ ነው፦

```json
{ "type": "Point", "coordinates": [38.204312, 6.158907] }
```

(ይህ ለምሳሌ ነው፤ የማንም ማሳ አይደለም።) ሁለቱ ሲገላበጡ ጌዴኦ ባሕር ውስጥ ይገባል። እንደ እድል ሆኖ የእኛ ቁጥሮች በጣም ስለሚራራቁ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። ሁለቱም ሠላሳዎቹ ውስጥ የሆነ አገር ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር?

ሌላው ግን ተደብቆ ነበር። ሕጉ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይፈልጋል። አንዳንዱ ረድፍ ላይ ሦስት ብቻ አለ። የሰበሰበው ልጅ ቁጥሮቹን ኤክሴል ውስጥ ሲገለብጥ አሳጥሮበታል። ሦስት አሃዝ ማለት እስከ ሃምሳ ስልሳ ሜትር ሊስት ይችላል። የግማሽ ሄክታር ማሳ ባለቤት ነጥቡ ጎረቤቱ ማሳ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ጫካ ሊሆን ይችላል። ዜሮ ጨምሬ ስድስት ላደርገው እችል ነበር። ቁጥሩ ያምራል፣ ግን ውሸት ነው። አርባ አንድ ገበሬ እንደገና ሊለካ ነው።

ሊቀመንበሩ ካርታውን ሲያዩ በጣም ወደዱት። መነሻ ገጹ ላይ ይውጣ አሉ። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። የገበሬ ስም ከነማሳው መገኛ ለዓለም አይለጠፍም። ፋይሉን ውል ለገባ ገዢ ዩኒየኑ በቀጥታ ይልክለታል። ገጹ ላይ የሚታየው ቀበሌው ብቻ ነው። በምትኩ ዋንጫውን ወደ ሁለተኛው ገጽ አመጣሁላቸው።

መጋቢት 11

«ሄርሉም» የሚለውን ቃል ከገጹ አወጣነው። የቡናው ዝርያ በሚለው ቦታ ሁሉም የኢትዮጵያ ሻጭ ይህን ይጽፋል፤ ነባር፣ የጥንት ዘር ለማለት ነው። እኔም ከሌሎች ገጾች አይቼ ገለበጥኩት። የሀምቡርጉ ሰው «ይህ ማለት አናውቅም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀማሿ ሳቀች። ለፈረንጅ አናውቅም ማለት ነው፣ ለገበሬው ግን ይታወቃል አለች። አብረናት የመጋዘን ኃላፊው ጋ ደወልን። እሳቸው ሳያስቡ ቆጠሩልን፦ ኩሩሜ፣ ወሊሾ፣ ደጋ፤ ከዚያ ደግሞ ከችግኝ ጣቢያ የወሰዱት 74110።

ያ ቁጥር ትንሽ ታሪክ አለው። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 አገራችን ውስጥ ታየ፤ ጂማ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መረጠ። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጠበት ዓመት ነው፤ 1974። ሁለቱም በፈረንጅ። ገጹ ላይ ይህን ስጽፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁለት ጊዜ አጣራሁ። ተቃጥያለሁ።

መጋቢት 20

ሎት ሁለት ተሸጠ። የመጋዘን ኃላፊው ሺቱ ላይ «ተሽጧል» ብለው ሞሉት፤ እኔን ሳይጠይቁ። ማታ ገጹ ላይ ካርዱ ግራጫ ሆነ። አላጠፋነውም፤ የሚቀጥለው ገዢ ምን ያህል እንደሚሸጥ ይየው።

ሊቀመንበሩ ደውለው ያልታጠበውን ቡና መቼ ነው የምታወጣው አሉ። እሱ ላይ ቸኩዬ ነበር፤ ግን አቆምኩት። ያልታጠበው መጋዘን ያለው ጀንፈል ሆኖ ነው፤ ከነሙሉ ቅርፊቱ ደርቆ። ሲፈለፈል የሚቀረው ግማሽ ያህሉ ነው እንጂ እንደታጠበው አራት አምስተኛው አይደለም። ኮዱ ግን ለሁሉም `0.8` ይላል። ነገ ቀማሿ ከአንድ ጆንያ ላይ ፈልፍላ ትመዝንልኛለች። እስከዚያ ሎት አምስት ገጹ ላይ አይወጣም።